ፎረፎር ሳይኖር ራስ ሲያሳክክ፦ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ የመለያ መንገድ

ፋርማሲ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ደጋግሞ የገጠመኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሰው ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «የፎረፎር ሻምፖ አለ?» ይለኛል። «ፎረፎር አለብዎት?» ብዬ ስጠይቅ «የለብኝም፤ ግን ራሴን በጣም ያሳክከኛል» የሚል መልስ አገኛለሁ። ሻምፖው ይሸጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ሰው ሌላ ዓይነት ሊጠይቅ ይመጣል፤ ማሳከኩም በአብዛኛው ብሶበታል።

ቆዳው ላይ ምንም በማይታይበት ጊዜ ምልክቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። በትክክል የት ነው የሚያሳክከው? ከምን በኋላ፣ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን ቆይቶ ይጀምራል? ስሜቱስ ማሳከክ ብቻ ነው ወይስ ማቃጠልና መውጋት አለበት? አለርጂን፣ ድርቀትንና የነርቭ ችግርን አንዱን ከሌላው የሚለዩት እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ከዚህ በታች ያለው መንገድ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል፤ የሚያስፈልገው ደብተር፣ ነጭና ጥቁር ጨርቅ፣ ጥርሱ የተቀራረበ ማበጠሪያና ትዕግሥት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ መጠበቅ የሌለባቸው ሰዎች

ፀጉር ቀለም ከተቀባችሁ በኋላ ፊታችሁ ወይም ከንፈራችሁ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ይህን መመሪያ ተዉትና ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ሂዱ። መላ ሰውነታችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆነ፣ በተለይ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ ወይም ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ ጉዳዩ ከራስ ቆዳ አልፎ ወደ ጉበት፣ ወደ ኩላሊት ወይም ወደ ደም ሊሄድ ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ልጅ ከሆነና ፀጉሩ ክብ ክብ እየሠራ ከሥሩ የሚሰባበር ከሆነ የራስ ቆዳ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሚቀባ ነገር ብቻ አይድንም፤ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ይፈልጋል።

ሌላው፣ ሴቶች በተለይ እንዲያውቁት የምፈልገው፣ አናት ላይ የሚጀምር ማሳከክ ነው። አናታችሁን ሲያሳክካችሁ ወይም ሲነካ ሲያማችሁ በዚያው ቦታ ፀጉራችሁ እየሳሳ መሆኑን ካያችሁ፣ ቆዳውም ለስልሶ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ የፀጉሩ ሥር እየጠፋ በጠባሳ እየተተካ ሊሆን ይችላል። ጠባሳ ከሆነ በኋላ በዚያ ቦታ ፀጉር አይበቅልም። ሕክምናው የሚችለው የቀረውን ማዳን ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ ሳምንታት መጠበቅ ትልቅ ጉዳት ነው። ቀጥታ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ቅርፊት እንደሌለ ማረጋገጥ

«ፎረፎር የለብኝም» የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ እውነታቸውን ነው፤ ፎረፎሩን አላዩትም። ነገር ግን ቅባት የሚቀባ ራስ ቅርፊቱን ይደብቃል። ቅቤ፣ የኮኮናት ዘይት ወይም የወይራ ዘይት ቅርፊቱን ከቆዳው ጋር አጣብቆ ስለሚይዘው ትከሻ ላይ አይራገፍም። በዚያ ላይ ፎረፎር የሚያመጣው፣ በሁሉም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖረው እርሾ መሰል ፈንገስ የሚመገበው ስብ ነው፤ ቅቤና የወይራ ዘይት ያጠግቡታል። ስለዚህ «ቅቤ ስቀባ ፎረፎሩ ጠፋልኝ፤ ማሳከኩ ግን ቀረ» የሚል ሰው ፎረፎሩ ከዓይን ተሰውሮበት ሊሆን ይችላል።

ለማጣራት ፀጉራችሁን በሻምፖ ሁለት ጊዜ ደጋግማችሁ ታጠቡና ለሦስት ቀን ምንም ቅባት አትቀቡ። በአራተኛው ቀን ጥቁር ጨርቅ ትከሻችሁ ላይ አንጥፋችሁ የራስ ቆዳችሁን በጣት ሆድ፣ በጥፍር ሳይሆን፣ አሹት። ከዚያም ሌላ ሰው በፀሐይ ብርሃን ፀጉራችሁን እየከፈለ ከጆሮ በላይ፣ ግንባር አካባቢና አናት ላይ ይይላችሁ። ነጭ ወይም ቢጫማ ቅባታም ቅርፊት ከታየ ነገሩ ፎረፎር ነው፤ የፎረፎር ሻምፖም በዚህ ጊዜ ተገቢ ነው። መመሪያው ለእናንተ እዚህ ላይ ያበቃል።

በዚያው ቀን ቅማልንም አጣሩ። አዋቂ ሰው ይህን ሲነገረው ያፍራል፤ ግን ቅማል ንጹሕ ፀጉርንም አይጠላም፤ ከልጆች ጋር አንድ አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው ሁሉ ሊይዘው ይችላል። ፀጉሩን አርጥባችሁ ኮንዲሽነር ቀቡና ጥርሱ በተቀራረበው ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ አበጥሩ፤ በየጊዜው ማበጠሪያውን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። በተለይ ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ አተኩሩ። ቅጫም ከፎረፎር የሚለየው ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ በጣት ሲጎተት የማይንሸራተት በመሆኑ ነው። ቅማል ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ «ትናንት ከማን ጋር ነበርኩ?» ብሎ ማሰብ አይጠቅምም። ቅማል ከተገኘ ደግሞ ነጭ ጋዝም ሆነ የተባይ መርጫ ራስ ላይ ማፍሰስ አደገኛ ነው፤ ለዚሁ የተዘጋጀ መድኃኒት ከፋርማሲ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ደብተሩ

ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ሳትለውጡ የምታደርጉትን ሁሉ መዝግቡ። ቀለም የምትቀቡ ከሆነ ምዝገባው ከአንድ የቀለም ቀን በፊት ተጀምሮ ቢያንስ አሥር ቀን ከእርሱ በኋላ ይቀጥል። በየቀኑ ማታ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ ራስ ላይ የነካው ነገር ሁሉ (ውኃ ብቻም ቢሆን)፣ ማሳከኩ የጀመረበት ሰዓት፣ ቦታው፣ ከዜሮ እስከ አሥር ያለው ኃይሉና ስሜቱ።

ቦታውን በቃል ከመግለጽ ይልቅ የራስን ሥዕል ክብ አድርጎ ስሎ ነጥብ ማድረግ ይሻላል። «ራሴን ሁሉ ነው» የሚል ሰው ሥዕሉን ሲሞላ ብዙ ጊዜ ነጥቦቹ በሁለት ቦታዎች ተሰብስበው ያገኛቸዋል።

የምትወስዱትን መድኃኒትም ጻፉ። እኛ አገር ጎልቶ የሚታይ አንድ ምሳሌ ክሎሮኩዊን ነው። ለወባ ሲወሰድ በብዙ አፍሪካውያን ላይ ሽፍታ ሳይኖር ኃይለኛ ማሳከክ ያመጣል፤ በተለይ መዳፍና ውስጥ እግርን ያስቸግራል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይለቃል። መድኃኒቱን ግን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም፤ የሰጣችሁን ባለሙያ ጠይቁ።

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ቤታሜታዞንን የመሰለ የስቴሮይድ ቅባት አትቀቡ። ማሳከኩን ለጊዜው ያጠፋና የምትፈልጉትን ምልክት አብሮ ያጠፋባችኋል። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚም እንዲሁ ይቅሩ፤ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ሲቆይ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ቆዳው የተላጠ ራስ ይዘው የመጡ ሰዎች አይቻለሁ።

ደረጃ 3፦ ደብተሩን ማንበብ

እዚህ ላይ አንዲት ደንበኛችንን ላስታውስ። የ46 ዓመት መምህርት ናት። አምስት ወር ሙሉ ራሷን ሲያሳክካት ኖሯል። የፈንገስ ሻምፖ ሁለት ጠርሙስ ጨርሳለች፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ትታጠብበታለች። በየአምስት ሳምንቱ ሽበቷን በጥቁር ቀለም ትሸፍናለች። ስለ ቀለሙ ስጠይቃት ወዲያው ነፃ አወጣችው፤ «ዘጠኝ ዓመት የተጠቀምኩበት ነው፤ ደግሞም ተቀብቼ በማግሥቱ ምንም አልሆንም» አለች።

ሁለቱም መከራከሪያዎች ምክንያታዊ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን ስሕተት ናቸው። የንክኪ አለርጂ የሚባለው ነገር በተፈጥሮ ይዘነው የምንወለደው አይደለም። ሰውነት አንድን ንጥረ ነገር ደጋግሞ ሲነካው ቆይቶ አንድ ቀን እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። ይህ ከሁለተኛው ቀለም በኋላም ሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ ምላሹ የሚመጣው በደም ሴሎች ስለሆነና ሴሎቹ እስኪሰበሰቡ ጊዜ ስለሚወስድ ማሳከኩ የሚጀምረው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው። ሰው ግን ጥፋተኛ የሚፈልገው በዛሬው ቀን ውስጥ ነው። ቅዳሜ የተቀባው ቀለም ሰኞ ማሳከክ ሲጀምር የሚወቀሰው የእሑድ ሻምፖ ይሆናል።

የመምህርቷ ደብተር ይህንኑ አሳየ። ቅዳሜ ከሰዓት ቀለም ተቀባች። እሑድ ዜሮ። ሰኞ ከሰዓት ከሁለቱም ጆሮዎች ጀርባና ማጅራቷ ላይ አራት። ማክሰኞ ማታ ስምንት፤ እንቅልፍ የለም። ረቡዕ ጠዋት የዓይኗ ቆብ ትንሽ አብጦ ነበር፤ «እንቅልፍ ስላጣሁ ነው» ብላ ጽፋዋለች። ከዚያ እየቀነሰ በዘጠነኛው ቀን ወደ ሁለት ወረደ።

የዓይኗ ቆብ እብጠት ለእኔ ከማሳከኩ የበለጠ ይናገር ነበር። የራስ ቆዳ ወፍራም ነው፤ አለርጂን በደንብ ይቋቋማል። ስለዚህ ራስ ላይ የተቀባ ነገር ምልክቱን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ዳር ዳሩን ነው፤ በዓይን ቆብ፣ በጆሮና ከጆሮ ጀርባ፣ በግንባር የፀጉር መስመር፣ በማጅራትና አረፋው በሚወርድበት የአንገት ጎን። ራሱ መሃል ላይ ማሳከክ ብቻ ይቀራል። ፎረፎር የሌለበት ራስ ሲያሳክክ መስታወት ፊት ቆማችሁ ከራሱ ይልቅ እነዚህን ዳርቻዎች ተመልከቱ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በደንብ ስለማይታይ ጠቆር ያለ፣ ሻከር ያለ ወይም ወፈር ያለ ቆዳ ፈልጉ፤ በጣት መዳሰስ ከማየት ይሻላል።

ጥቁር ቀለሞች ውስጥ በብዛት አለርጂ የሚያመጣው ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ በአጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። «ጥቁር ሂና» በሚል ስም የሚሸጠው ነገርም ብዙ ጊዜ ይኸው የተጨመረበት ነው። ንጹሕ ሂና ቀይ ቡናማ ቀለም ይሰጣል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቁር የሚያደርግ ሂና ሂና ብቻ አይደለም። ለሠርግ እጇን በጥቁር ሂና አስጊጣ ሽፍታ የወጣባት ሴት ከዓመታት በኋላ ሽበቷን ስትቀባ አደገኛ እብጠት ሊያጋጥማት ይችላል፤ ሰውነቷ ያንን ንጥረ ነገር አልረሳውምና። «ፒፒዲ የሌለበት» ተብሎ የሚሸጥ ቀለምም ብዙ ጊዜ የእርሱ ቅርብ ዘመድ የሆነ ኬሚካል ስለሚኖርበት አለርጂ ላለበት ሰው ዋስትና አይሆንም።

ከቀለም ቀጥሎ የሚጠረጠሩት ሽቶና ምርቱ እንዳይበላሽ የሚጨመሩ ኬሚካሎች ናቸው። ሽቶ በማሸጊያው ላይ «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» ተብሎ ይጻፋል። የተፈጥሮ ዘይት ነው ተብሎ የሚሸጥ ጥሩ ሽታ ያለው ዘይትም አለርጂ ያመጣል፤ ከዕፅዋት መምጣቱ ከአለርጂ ነፃ አያደርገውም። እንዲያውም ታጥቦ ከሚሄደው ሻምፖ ይልቅ ቀኑን ሙሉ ራስ ላይ የሚቆየው ዘይት የበለጠ ሊጠረጠር ይገባዋል።

በመምህርቷ ደብተር ላይ ግን ሌላም መልክ ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በታጠበች በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ውስጥ ራሷ ሁሉ ይጨመደዳል፤ «ቆዳው የጠበበኝ ይመስለኛል» ትላለች፤ ማሳከኩ ሦስት ወይም አራት ነው፤ ትንሽ ቅባት ስትቀባ ይለቃታል። ይህ የድርቀት መልክ ነው። አለርጂ በቀናት ይዘገያል፤ ድርቀት በሰዓታት ይመጣል። አለርጂ ዳር ላይ ይሰበሰባል፤ ድርቀት ራስን ሁሉ ያዳርሳል። አለርጂ ቅባት ቢቀቡትም አይበርድም፤ ድርቀት ግን ይበርዳል። እርሷ ላይ ሁለቱም ነበሩ፤ ሁለተኛውን ያመጣው ደግሞ ለመጀመሪያው መፍትሔ ብላ የገዛችው ሻምፖ ነበር።

አዲስ አበባን የመሰለ ደጋ በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ ነው። በሙቅ ውኃና ስብን ጠርጎ በሚወስድ ሳሙና በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ የሚታጠብ ራስ ራሱን በራሱ ለማለስለስ ጊዜ አያገኝም። በልብስ ሳሙና የሚታጠቡ ሰዎች ደግሞ የባሰ ነው፤ ቆዳችን ትንሽ አሲድነት ሲኖረው ሳሙናው ወደ ሌላው ጫፍ ይጎትተዋል።

ሹሩባ የምትሠሩ ሴቶች አንድ ነገር ጨምሩ። ማሳከኩ የጀመረው ከተሠራችሁበት ቀን አንስቶ ከሆነና የሚያሳክከው የመከፈያው መስመርና የግንባር ዳር ከሆነ፣ ትንንሽ እብጠቶችም ካሉ፣ ችግሩ ጥብቀቱ ነው። የሚያምም ሹሩባ በዚያው ቀን መላላት አለበት።

ደረጃ 4፦ አራት ሳምንት ባዶ ራስ

አሁን ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አቁሙ፤ ቀለም፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ ጄል፣ ስፕሬይ፣ የመድኃኒት ሻምፖ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር። አንድ በአንድ ማቆም የሚሻል ይመስላል፤ አይሻልም። ሁለት ምክንያት ካለ አንዱን ብታቆሙ ሌላው ማሳከኩን ስለሚቀጥል ያቆማችሁትን በስሕተት ነፃ ታወጣላችሁ።

የሚፈቀደው አንድ ሽቶ የሌለው ለስላሳ ሻምፖ ብቻ ነው። የሕፃናት ሻምፖ ሁልጊዜ ሽቶ የለውም ማለት አይደለም፤ ማሸጊያውን አንብቡ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለብ ባለ ውኃ ታጠቡ። ሻምፖውን መዳፋችሁ ላይ በውኃ አቅጥናችሁ ራስ ቆዳው ላይ ብቻ ተጠቀሙ፤ ከዚያ ጣቶቻችሁ ሲንሸራተቱ ሙልጭልጭታው እስኪጠፋ ድረስ፣ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ፣ እጠቡት። ከጆሮ ጀርባ የሚቀር አረፋ ራሱን የቻለ የማሳከክ ምክንያት ነው። ሲያልብባችሁ በመሃል በውኃ ብቻ መለቅለቅ ይቻላል።

ደርቆ ካስቸገራችሁ ሽቶ የሌለው ነጭ ቫዝሊን የአተር ፍሬ ያህል ወስዳችሁ በጣት አሙቃችሁ በመከፈያው መስመሮች ላይ በስሱ ቀቡ። ቫዝሊንን የምመርጠው አለርጂ የሚያመጣው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነና ለፎረፎሩ ፈንገስም ምግብ ስለማይሆን ነው። የትራስ ልብሳችሁን፣ ሻሽና ኮፍያችሁን ሽቶ በሌለው ሳሙና እጠቡ፤ ማበጠሪያውንም ጭምር፤ የቀድሞው ዘይት እዚያ ላይ ይቀራል።

በመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ ካላያችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የመምህርቷ ማሳከክ በመጀመሪያው ሳምንት ከስድስት ወደ አምስት ብቻ ነው የወረደው። በሁለተኛው ሳምንት ከታጠበች በኋላ የሚመጣው መጨማደድ ቀረ። በሦስተኛው የጆሮዋ ጀርባ ለሰለሰ። በአራተኛው መጨረሻ ደብተሩ ላይ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ምንም ሳትጽፍ ቀርታ ነበር፤ ረስታው።

ደረጃ 5፦ አንድ በአንድ መመለስ

ማሳከኩ ከጠፋ ጥፋተኛው ካቆማችሁት ውስጥ አለ። በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ መልሱ፤ ምላሹ እስከ ሦስት ቀን ስለሚዘገይ ከሳምንት በታች አይበቃም። ዘይትና ክሬም የመሰለ ታጥቦ የማይወጣ ነገር ከሆነ መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት። በክርን መታጠፊያ ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም በሚያህል ቦታ ላይ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ቀቡ፤ ቦታው አይታጠብ። ካሳከከ፣ ከሻከረ ወይም ካበጠ አቁሙ፤ ያ ነገር ራሳችሁ ላይ አይመለስም። ምንም ካልሆነ ራስ ላይ ይመለስ።

ሻምፖን በዚህ መንገድ መሞከር አይቻልም። ሳይታጠብ ክንድ ላይ የሚቆይ ሻምፖ ማንንም ሰው ስለሚቆጠቁጥ ውጤቱ ያሳስታል። ሻምፖ ራስ ላይ በመደበኛው መንገድ ተጠቅሞ መጠበቅ ብቻ ነው።

ቀለም ግን በቤት ውስጥ አይሞከር። ከዚህ በፊት በቀለም ወይም በጥቁር ሂና ምላሽ ያሳየ ሰው «ትንሽ ልሞክር» ማለት የለበትም፤ እያንዳንዱ ንክኪ ከቀደመው የከፋ ሊሆን ይችላል። መምህርቷ ዘይቷን ክንዷ ላይ አሥር ቀን ሞክራ ምንም ስላልሆነች ተመለሰላት። ቀለሙን ግን ሳንሞክር ደብተሯን ይዛ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄደች፤ ሐኪሙም ከዚያ በኋላ ፒፒዲና ዘመዶቹ ያሉበትን ቀለም ሁሉ እንድትተው ነገራት። አሁን ንጹሕ ሂና ትቀባለች፤ ሽበቷ ቀይ ቡናማ ሆኗል።

ለእርግጠኛነት የሚያገለግለው ምርመራ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ የአለርጂ ምርመራ ነው። ትንንሽ የንጥረ ነገር ጠብታዎች ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሡና ይታያሉ፤ ከዚያም በአራተኛው ቀን ገደማ በድጋሚ ይነበባሉ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ይህን ምርመራ በስሙ ጠይቁ። በደም ወይም ክንድን በመውጋት የሚደረገው የአለርጂ ምርመራ ለምግብና ለአበባ ብናኝ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን እዚያ ላይ ያጠፋል።

ደረጃ 6፦ አራቱ ሳምንታት ምንም ካልለወጡ

ሁሉንም ነገር አቁማችሁ ማሳከኩ ያለ ምንም ለውጥ ከቀጠለ ወደ ራሳችሁ የሚመጣውን ነርቭ ጠርጥሩ። ነርቭ ሲጎዳ ቆዳው ላይ ምንም ሳይኖር ወደ አንጎል የተሳሳተ መልእክት ይልካል። ስሜቱም የተለየ ነው፤ ማሳከክ ብቻ ሳይሆን ማቃጠል፣ መርፌ መውጋት ወይም ጉንዳን የሚሄድበት ያህል መውረር አለው። ቦታው አይዞርም፤ ዛሬም ነገም ያው ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ጎን ብቻ ነው። ቢታከክም አያረካም።

አንድ የ58 ዓመት ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሚያሳክካቸው ከማጅራታቸው ከፍ ብሎ በቀኝ በኩል መዳፍ የሚያህል ቦታ ነው። አራት ዓይነት ሻምፖ ለውጠዋል፤ ጸጉራቸውንም ተላጭተዋል፤ ምንም አልተለወጠም። ደብተራቸው ላይ የተጻፈው ግን ግልጽ ነበር፤ ጠዋት አንድ ወይም ሁለት፣ ማታ ከስፌት ሲነሡ ሰባት፣ እሑድ እምብዛም የለም። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው አሥር ደቂቃ እንዲይዙበት ነገርኳቸው። «ለሁለት ሰዓት ያህል ጸጥ አለልኝ» ብለው ተመለሱ። ቅዝቃዜ ማንኛውንም ማሳከክ ትንሽ ያበርዳል፤ ነገር ግን ሌላው ሁሉ የማይነካው ማሳከክ በበረዶ እንዲህ ጸጥ ሲል የነርቭ ነገር ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

የኋለኛው የራስ ክፍል ስሜቱን የሚያገኘው ከላይኛው የአንገት አከርካሪ በሚወጡ ነርቮች ነው። ለ30 ዓመት ስፌት መኪና ላይ ያቀረቀረ አንገት እነዚህን ነርቮች ሊጫናቸው ይችላል። ሐኪማቸው አንገታቸውን መርምሮ አካላዊ ሕክምና አዘዘላቸው፤ ማታ የሚዋጥ ጋባፔንቲን የተባለ የነርቭ መድኃኒትም ጨመረላቸው። ጠረጴዛቸውን በእንጨት ከፍ አደረጉት። በሦስት ወር ውስጥ ከሰባት ወደ ሁለት ወረደ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። የነርቭ ማሳከክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ይቀንሳል፤ እንደ አለርጂ ተቆርጦ አይጠፋም። ለአለርጂ የሚዋጡት እንደ ሴቲሪዚን ያሉ ኪኒኖች እዚህ ላይ አይሠሩም፤ እንቅልፍ የሚያመጡት ለማደር ይረዱ ይሆናል እንጂ።

ማሳከኩ ግንባርና የፊተኛው ራስ ላይ በአንድ ጎን ከሆነ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባችሁ ያውቅ እንደሆነ አስታውሱ። ሽፍታው ከዳነ በኋላ በተጎዳው ነርቭ መስመር ላይ ለወራትና ለዓመታት ማሳከክ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ቦታ መፋቅ አደገኛ ነው፤ ሕመሙ ደንዝዞ ሳለ ሰው ሳያውቀው ቁስል እስኪሆን ሊያክከው ይችላል። ስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ነርቫቸው ስለሚጎዳ ራሳቸውን ሊያሳክካቸው ይችላል፤ ስኳራችሁን ካልተለካችሁ ቆይታችሁ እንደሆነ በዚህ አጋጣሚ አስለኩ።

ማብረጃ የሌለው ማሳከክ ከጡንቻ ድክመት ጋር ሲመጣ፣ ማለትም ፀጉር ለማበጠር እጅ ማንሣት ወይም ደረጃ መውጣት ሲያቅት፣ በተለይም የዓይን ቆብ ወይን ጠጅ መልክ ሲይዝ፣ ቆዳንና ጡንቻን አንድ ላይ የሚያጠቃ ብርቅ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም በዚያው ሳምንት ንገሩ።

ደረጃ 7፦ ወደ ሐኪም ስትሄዱ

የቆዳ ሐኪም የምትፈልጉ አዲስ አበባ ያላችሁ የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው፤ በሌላ ከተማ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ተቋም ሪፈራል ጠይቁ። ነርቭ መሆኑን የጠረጠራችሁ ደግሞ ከቆዳ ሐኪሙ ቀጥሎ የነርቭ ሐኪም ማየት ይኖርባችሁ ይሆናል።

ከቀጠሮው በፊት ለሁለት ቀን አትታጠቡ፤ ቅባትም አትቀቡ። ሹሩባ ካላችሁ ፍቱት፤ ተሠርቶ የተሸፈነ ራስ አይታይም። ከጆሮ ጀርባ የተለየ ነገር የወጣበት ቀን ካለ በስልክ ፎቶ አንሡትና ይዛችሁ ሂዱ፤ በቀጠሮው ቀን ላይኖር ይችላል። የምትጠቀሙባቸውን ነገሮች ባዶ ጠርሙስም ቢሆን ከነማሸጊያቸው በፌስታል ያዙ፤ የቀለሙ ካርቶን ላይ ያለው የንጥረ ነገር ዝርዝር ከጠርሙሱ ይልቅ ሙሉ ስለሆነ ካርቶኑን አትጣሉት። ደብተሩን ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት መስመር ጽፋችሁ አቅርቡ፤ መቼ እንደ ጀመረ፣ የት እንደሆነ፣ ከምን በኋላ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ አራቱ ሳምንታት ምን እንደለወጡ።